የጠርሙሱ ጥርሶች

ኤዶም አጵሎስ ከሰው ጋር ስትተዋወቅ መጀመሪያ የምታየው ጥርሱን ነው። ሰበታ መናኸሪያ ረዳቱ "አለምገና፣ አየር ጤና" እያለ ሲጣራ፣ ሌላው ተሳፋሪ ለወንበር ሲጋፋ፣ እሷ የረዳቱ የላይኛው ክራንቻ ከሰልፉ ወጥቶ መብቀሉን ልብ ብላ ትገባለች። አባቷ አቶ አጵሎስ በዚህ ነገሯ ይስቁባታል። ባል ስታመጣ ስሙን ሳይሆን የጥርሱን ቁጥር ነው የምትነግረኝ ይላሉ። ስለ ኤዶም ማውራት የፈለገ ሰው ግን ከሳቁ ሳይሆን ከ2008 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጀመር አለበት።

በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ባለ አንድ ኮሌጅ የጥርስ ሕክምና ተማሪ ነበረች። ዶርም ለሩቅ አገር ልጆች ብቻ ስለሚሰጥ ከሰበታ ትመላለሳለች። የጥርስ ቅርጽና የላይና የታች ጥርሶች አገጣጠም የሚባለውን ትምህርት የተግባር ፈተና አንዴ ወድቃዋለች። ሁለተኛ ከወደቀች ከኮሌጁ ትሰናበታለች፤ ሦስተኛ ዕድል የሚባል ነገር የለም። ከወላይታ መጥተው በክር ፋብሪካ ሲሠሩ አሥራ ስድስት ዓመት የሞላቸው አባቷ ይህን ያውቃሉ፤ ግን አፍ አውጥተው ተናግረውት አያውቁም። ዝምታቸው ከተግሳጽ ይልቅ ይከብዳት ነበር።

ፈተናው ለሚያውቀው ቀላል፣ ለማያውቀው ጉድ ነው። ሃያ ጠረጴዛ ይደረደራል፤ በየጠረጴዛው ላይ አንድ የተነቀለ የሰው ጥርስ ይቀመጣል። ተማሪው አንስቶ ያገላብጠዋል፤ የላይ ይሁን የታች፣ የቀኝ ይሁን የግራ፣ ስንተኛው እንደሆነ ቁጥሩን ከነምክንያቱ ይጽፋል። አንድ ደቂቃ ሲሞላ ደወል ይደወልና ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ኤዶምን የጣሏት ክራንቻንና ትልልቅ መንጋጋዎችን የሚያገናኙት ፕሪሞላር የሚባሉት ትንንሾቹ ናቸው። የታችኛውን አንደኛ ከሁለተኛው፣ ቀኙን ከግራው እያምታታች ነጥቧን በትናው ነበር።

ይህን ከመጽሐፍ ሥዕል ብቻ የሚማር ሰው የለም። ጥርስ በእጅ ካልተያዘ አይታወቅም። ስለዚህ የጥርስ ተማሪ ሁሉ ክሊኒክ ለክሊኒክ እየዞረ የተነቀለ ጥርስ ይለምናል፤ ኮሌጁም ከእያንዳንዱ ተማሪ አሥር ደህና ጥርስ ተቀብሎ ለፈተና ያስቀምጣል። የጎደለበት በጥርስ አንድ ነጥብ ይቀነስበታል። ኤዶም በዚህ በኩል ዕድለኛ ነበረች። ሰበታ ገበያ አጠገብ ሁለት ክፍል ክሊኒክ ያላቸው ኦቦ ደገፋ የሚባሉ ሽማግሌ፣ ጥርሱን ያስነቀለ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ይዞ ሊሄድ ሲል "ለተማሪዋ ልጄ ተውላት" ይሉላታል። በአንድ ዓመት ውስጥ ስልሳ ሁለት ጥርስ አጠራቀመች። እያንዳንዱን በብሩሽ አጥባ፣ በረኪና ውስጥ ዘፍዝፋ፣ ሥሩ ላይ በቀይ ኩቴክስ ቁጥር ጽፋ፣ ክዳኑ በሚጠብቅ የማር ጠርሙስ ውስጥ በፎርማሊን ታስቀምጠዋለች። የቁጥሮቹ መልስ በደብተሯ ላይ ነው።

ከስልሳ ሁለቱ አንዱ የአባቷ ነው። የላይኛው ቀኝ አንደኛ መንጋጋቸው ከድድ በሽታ የተነሣ ተነቃንቆ ኦቦ ደገፋ ሲነቅሉላቸው፣ አቶ አጵሎስ በፋሻ ጠቅልለው ለልጃቸው አመጡላት። "እኔ መማር ባልችል ጥርሴ ይማር" አሏት። ኤዶም ያን ጥርስ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ ትወደው ነበር። በምላስ በኩል ካሉት ጉብታዎች በትልቁ ጎን ላይ እንደ ሽንብራ ፍሬ ትንሽ ተጨማሪ ጉብታ አለችው፤ ሁሉም ሰው የሌለው፣ ያለው ሰው ግን በዚያው ጥርስ ላይ የሚገኝበት ምልክት። ከሦስቱ ሥሮቹ የአንዱ ጫፍ ሲነቀል ተሰብሮ ቀርቷል። ቁጥር አንድ ብላ የጻፈችው እሱ ላይ ነው።

የቡራዩዋ ሮዳስ የምትመጣው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምረው ከአንድ ሳህን የሚበሉ ጓደኛሞች ናቸው። ሮዳስ ጨዋታ የምታውቅ፣ ሰው የምትወዳት፣ እጇ ግን ለመሰብሰብ የሰነፈ ልጅ ነበረች። የፈተናው ቀን ሲነገር አሥራ ሁለት የጥናት ቀን ተሰጣቸውና ኤዶም ቁጭ ብላ ዕቅድ አወጣች። ለጥርስ ቅርጽ ስድስት ቀን፦ አንድ ቀን የላይ የፊት ጥርሶች፣ አንድ ቀን የታች፣ አንድ ቀን ክራንቻዎች፣ አንድ ቀን ፕሪሞላሮች፣ አንድ ቀን መንጋጋዎች፣ በስድስተኛው ሁሉንም ቀላቅሎ በሰዓት መፈተን። ለአገጣጠምም ስድስት ቀን። ለአገጣጠሙ ኮሌጁ ለሁለት ተማሪ አንድ የብረት መሣሪያ ያውሳል፤ አርቲኩሌተር ይባላል። የጄሶ የላይና የታች ጥርሶች ተገጥመውበት እንደ ሰው አገጭ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ወደ ጎን ይንሸራተታል። ባለቀለም ቀጭን ወረቀት በመሐል አስነክሰው የትኛው ጥርስ የትኛውን እንደሚነካ ያዩበታል።

ጠርሙሱ አንድ፣ መሣሪያው አንድ፣ ቡራዩና ሰበታ ደግሞ ሁለት ጫፍ ናቸው። ስለዚህ ኤዶም የመጀመሪያዎቹን ስድስት ቀናት ጠርሙሱን ለሮዳስ ሰጥታ መሣሪያውን እሷ ያዘች፤ በሰባተኛው ቀን አዲስ አበባ፣ ጦር ኃይሎች በሚባለው ሰፈር ተገናኝተው ይለዋወጣሉ። የሚከብዳትን ለመጨረሻው ያደረገችው ለፈተናው ቅርብ የሆነ ነገር ከእጅ አይጠፋም ብላ ነው። ከደብተሯም የመልሱን ገጽ ገልብጣ ለሮዳስ ሰጠቻት። እንግዲህ የዋህ ሰው ዕቅድ ሲያወጣ ለሁሉም ነገር ያስባል፣ ለጓደኛው ብቻ ሳያስብ ይቀራል።

ዕቅዱ በተጀመረ በሁለተኛው ቀን አካባቢው ታወከ። የአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ተቃውሞ ከቡራዩ እስከ ሱሉልታ፣ ከሱሉልታ እስከ ሰበታ ደረሰ። ጎማ ተቃጠለ፣ ድንጋይ መንገድ ላይ ተደረደረ፣ ታክሲ ጠፋ፣ ፋብሪካው ሠራተኞቹን ቤታችሁ ቆዩ አለ። የኦቦ ደገፋ የወንድም ልጅ ኩምሳ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ ጠዋት ከትምህርት ቤት በር ላይ በወታደሮች ተወስዶ የት እንዳለ አልታወቀም። ኦቦ ደገፋ ክሊኒካቸውን ዘግተው ከጣቢያ ጣቢያ ሲዞሩ ሰነበቱ።

ኤዶም ግን ዕቅዷን አለቀቀችም። ፋብሪካው መዘጋቱ ለእሷ አንድ ነገር ጠቀማት፤ አባቷ ቀኑን ሙሉ ቤት ዋሉ። በስድስቱ ቀናት ውስጥ መሣሪያው ላይ ያየችውን በአባቷ አፍ ታረጋግጥ ጀመር። የላይኛው አንደኛ መንጋጋ የፊተኛው ጉብታ በታችኛው መንጋጋ ጎን ላይ ካለው ቦይ ትክክል ሲያርፍ፣ ያ ጤናማው አገጣጠም ነው። በግራ በኩል የአባቷ ልክ ነበር። በቀኝ ግን ጥርሱ የለም፤ ከታች ያለው ደግሞ የሚገጥመው አጥቶ ከሰልፉ በላይ ወደ ላይ ወጥቷል። "የሚነክሰው ያጣ ጥርስ እንደዚህ ይነሣል አባዬ" አለቻቸው። ከፊት ለፊት ሱቅ ያላቸውን እትዬ ሙሉዬንም አፍዎን ልይ ብላ ለመነቻቸው፤ የታች ጥርሳቸው ከላይኛው ፊት ቀድሞ የሚወጣ ነውና እሳቸው ከሦስቱ የአገጣጠም ዓይነቶች ለሦስተኛው ምሳሌ ሆኑ። ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ ሦስተኛ ነኝ እያሉ ሲያወሩ ሰነበቱ።

በስድስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሮዳስ ደወለች። ድምፅዋ እየተቆራረጠ ነበር፤ ታለቅሳለች። ጠርሙሱን ላደርስልሽ ብዬ አንድ ቀን ቀድሜ ወጥቼ ኬላ ላይ አስቆሙኝ አለች። ወታደሮቹ ቦርሳዋን ሲፈትሹ የሰው ጥርስ የሞላበት ጠርሙስ አግኝተው ምንድን ነው፣ የማን ነው ብለው አፋጠጧት፤ ተማሪ ነኝ ብትል አልሰሟትም፤ ጠርሙሱን ድንጋይ ላይ ፈጠፈጡትና ሂጂ አሏት።

ኤዶም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ስልሳ ሁለት ጥርስ፣ የአባቷም ጥርስ። ግን በዚያ ሰሞን ወታደር እጅ የገባ ሰው ምን እንደሚሆን ከኩምሳ ታውቃለች፤ ስለዚህ መጀመሪያ ከአፏ የወጣው ስለ ጥርሱ አልነበረም። "አንቺ ደህና ነሽ? አልመቱሽም?" ብላ ጠየቀቻት። ሮዳስ ደህና ነኝ አለች። ኤዶም አጽናናቻት፤ እግዜር አተረፈሽ አለቻት። አቶ አጵሎስም ወሬውን ሲሰሙ ስለ ጥርሳቸው አንድ ቃል አልተናገሩም። በዚያ ምሽት የቤተሰቡ ጸሎት ላይ የሮዳስን ስም ጠርተው ከክፉ እንዲሰውራት ለመኑ፤ ከዚያ ቀን በኋላም አንድም ማታ አልዘለሏትም።

በማግስቱ መንገዱ ለጥቂት ሰዓት ሲከፈት ኤዶም መሣሪያውን በነጠላ ጠቅልላ ተነሣች። ታክሲ ያገኘችው አለምገና ድረስ በእግሯ ሄዳ ነው። አባቷ ምን ልታደርጊ ትሄጃለሽ፣ በለውጡ የምትቀበይው ነገር የለ አሏት። እውነታቸውን ነበር። እሷ ግን የኔ ድርሻ ስለጠፋ የሷን አላስቀርም አለች። ጦር ኃይሎች ላይ ሮዳስ አቅፋ አለቀሰችባት፤ መሣሪያውን ተቀበለች፤ አንቺ እህቴ ነሽ አለቻትና ወደ ቡራዩ ተመለሰች። አሁን ላይ ሆነው ሲያስቡት ያቺ እንባ ደም ታፈላለች።

የቀሩትን ቀናት ኤዶም ያለ ጥርስ ጥርስ አጠናች። ከሻማ ሰም ፕሪሞላር ቀረጸች። የታችኛው አንደኛ በምላስ በኩል ያለችው ጉብታ ትንሽና ጥርስ የማትነካ መሆኗን፣ ከፊት ለፊቷ አንድ ቦይ ወደ ምላስ መውረዱን፤ ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ ሦስት ጉብታ እንዳለው፤ የላይኛው አንደኛ ሁለት ሥርና በክራንቻው በኩል የጎደጎደ ጎን እንዳለው፣ ይህን ሁሉ በሰሙ ላይ እየቀረጸች እያፈረሰች አስታወሰች። ሰም ግን ሰም ነው፤ እሷ ያወቀችውን ብቻ ነው መልሶ የሚነግራት።

አሥሩ የግዴታ ጥርስም ነበረባት። እያፈረች ኦቦ ደገፋ ቤት ሄደች። ሽማግሌው አጥሩ ሥር ተቀምጠዋል፤ ከኩምሳ ወሬ አልተገኘም። "አካም ጅርቱ" ብላ ሰላም ብላቸው ነገሩን ሳትጨርስ ቁልፋቸውን አንሥተው ተነሡ። ክሊኒኩን ከፍተው መሳቢያ ለመሳቢያ በረበሩ። የተገኘው ስድስት ብቻ ነው፤ የቀረው በትል የተበላ ነበር።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይቺ ጓደኛሽ አልተጎዳችም ነው የምትይኝ?" አሏት።

"አልተጎዳችም ኦቦ፤ ጠርሙሱን ብቻ ነው የሰበሩት።"

"ጥርስ ይተካል" አሉና ስድስቱን በፋሻ ጠቅልለው ሰጧት። በራሳቸው ቤት ሐዘን እያለ ስለ ሰው ልጅ ደህንነት መጠየቃቸውን ኤዶም ከዚያ ወዲህ ረስታው አታውቅም።

የፈተናው ቀን ጠዋት መንገዱ ተከፍቶ ነበር። የትምህርቱ አስተማሪ ዶክተር ወንዳፍራሽ በር ላይ ቆመው፣ በመንገዱ ምክንያት ቀድማችሁ ያላስገባችሁ አሁን ስጡ አሉ። ኤዶም ስድስቱን አቀረበች፤ አራት ነጥብ ተቀነሰባት። ዶክተሩ ክፉ ሰው አይደሉም፤ መንገዱ እኮ ለሁሉም ያው ነበር አሉና ወደ ተማሪው ዞሩ። "ሮዳስ ከቡራዩ መጥታ ከሦስት ቀን በፊት አሥር ብቻ ሳይሆን ሃያ አምስት ጥርስ አስገብታለች። የዛሬው ፈተና ግማሹ የእሷ ልፋት ነው፤ አመስግኗት" አሉ። አንዳንዱ አጨበጨበ። ሮዳስ ወለሉን ታይ ነበር። ኤዶም ከልቧ ደስ አላት። ያን ሁሉ ፍርሃት አልፋ፣ ከባዶ ተነሥታ እንዴት ሰበሰበችው ብላ ተደነቀች፤ ማጨብጨቡንም አጨበጨበች።

ከዚያ ደወሉ ተደወለ። እስከ ስድስተኛው ጠረጴዛ በደህና ሄደች። በአራተኛው ላይ ያቺ የጣለቻት የታችኛው አንደኛ ፕሪሞላር መጣችባት፤ ሰሙን አስታውሳ ቦይዋን አገኘቻትና ጻፈች። በሰባተኛው ላይ የላይኛ መንጋጋ ነበር። አነሣችው፤ ሦስት ሥር። ገለበጠችው፤ የአንዱ ጫፍ ተሰብሯል። በምላስ በኩል ያለችውን ጉብታ በአውራ ጣቷ ዳበሰች። የሽንብራዋ ፍሬ እዚያው ነበረች።

በዓለም ላይ ሥሩ የተሰበረ መንጋጋ ብዙ ነው ብላ ራሷን ልታታልል ሞከረች። ወደ መብራቱ አስጠግታ ሥሮቹ የሚገናኙበትን ጉድጓድ አየች። ከውጭ ያለው ቀለም በደንብ ተፍቋል፤ መፋቂያው ያልደረሰበት ውስጡ ላይ ግን የቀይ ኩቴክስ ጭረት ቀርታለች። የአባቷ ጥርስ በመዳፏ ላይ ነበር። ኬላ ላይ የተሰበረ ጠርሙስ የለም። ያስፈራራ ወታደር የለም። በዚያን ቀን ሮዳስ እህቴ ነሽ ብላ ስታቅፋት ጠርሙሱ ቤቷ ተቀምጦ ነበር። ኤዶም እስከ ጦር ኃይሎች በእግርና በታክሲ ተሸክማ የሄደችው መሣሪያም ለሮዳስ ተጨመረላት፤ ሁለቱንም ይዛ ሁለቱንም አጠናች።

ኤዶም ንዴት አልመጣባትም መጀመሪያ። እፍረት ነው የመጣባት። አጨብጭባላት ነበር። አባቷ ደግሞ በየማታው ሲጸልዩላት ከርመዋል። ወረቀቱ ደበዘዘባት። ደወሉ ሲደወል "16፣ የላይ ቀኝ አንደኛ መንጋጋ" ብላ ብቻ ጻፈች፤ ምክንያቱን ለመጻፍ ጊዜ አልቀረላትም። በስምንተኛውና በዘጠነኛው ጠረጴዛ ምን እንዳነሣች ዛሬም አታውቀውም። በአሥረኛው ላይ አባቷ ያሏት፣ ጥርሴ ይማር ያሉት ነገር ትዝ አላትና እንባዋን በክንዷ ጠርጋ ቀጠለች። ከሰዓት በኋላ የአገጣጠሙ ክፍል ሲመጣ መሣሪያው ላይ የነበረው የታች ጥርሱ ወደፊት የወጣ ዓይነት ነበር፤ እትዬ ሙሉዬን ያየች መሰላት፤ አልሳተችውም።

ግቢው በር ላይ ሮዳስን ጠበቀቻት። ሮዳስ ስታያት አቅጣጫ ልትቀይር አሰበችና ተወችው።

"ሰባተኛው ጠረጴዛ ላይ ያለው የማን ጥርስ ነው?" አለቻት ኤዶም።

ሮዳስ በዝግታ፣ ቡራዩ ክሊኒኮቹ ሁሉ ተዘግተው እንደነበር፣ አንድም ጥርስ ማግኘት እንዳልቻለች፣ አሥሩን ካላስገባሁ እወድቃለሁ ብላ እንደፈራች ተናገረች። ኤዶም ብትጠይቀኝ አሥር ቆጥሬ አልሰጣትም ነበር ወይ ብላ በውስጧ ተቃጠለች።

"አንቺ ኦቦ ደገፋ አሉልሽ" አለች ሮዳስ፤ "እኔ ማን አለኝ?"

"እኔ ነበርኩልሽ" አለች ኤዶም። ትታት ወደ ታክሲው ሄደች።

ለዶክተር ወንዳፍራሽ ለምን አልነገረችም ብለው የሚጠይቋት አሉ። የቀረ ምስክር አልነበራትም፤ የመልሱን ደብተር ብታሳይም የጥርሶቹ ቁጥር ተፍቋል። ደግሞም ኮሌጁ አንዴ የተቀበለውን ጥርስ አይመልስም። የአቶ አጵሎስ መንጋጋ እስከ ዛሬ በዚያ ክፍል መሳቢያ ውስጥ፣ የሮዳስ ስም በተጻፈበት ሳጥን ተቀምጦ፣ በየዓመቱ ለሚመጣ ተማሪ ይቀርባል።

ውጤቱ በሳምንቱ ተለጠፈ። ማለፊያው ስልሳ ነው፤ ኤዶም ስልሳ አንድ አገኘች፣ ሮዳስ ሰማንያ ዘጠኝ። ማለፏን በስልክ ስትነግራቸው አቶ አጵሎስ ዳግም በተከፈተው ፋብሪካ በር ላይ ቆመው ነበርና አብረዋቸው ላሉት ሁሉ አወሩ። ማታ ቤት ስትደርስ ራት ቀርቦ ጠበቃት። አባቷ ጥርሴ ባይጠፋ ኖሮ መቶ ታመጪ ነበር ብለው ቀለዱባት። ልትነግራቸው አፏን ከፈተች፤ ፊታቸው ላይ ያለውን ደስታ አየችና መልሳ ዘጋችው።

"ያቺ ጓደኛሽስ?" አሏት።

"አለፈች።"

"ተመስገን፤ ያን ሁሉ ፍርሃት አልፋ።"

ከራት በኋላ እንደ ልማዳቸው ለጸሎት ተቀመጡ። በዚያ ቤት ጸሎት የሚመራው ሰው አንዱን ጉዳይ ሲጨርስ ሌሎቹ አሜን እስኪሉ ይጠብቃል፤ አሜን ካልተባለ ወደሚቀጥለው አይሄድም። አቶ አጵሎስ ስለ ልጃቸው ማለፍ አመሰገኑ፤ ኤዶም አሜን አለች። ስለ ኩምሳ መመለስ ለመኑ፤ አሜን አለች። ከዚያ ኬላ ላይ ስለ ተረፈችው ስለ ሮዳስ አመሰገኑ፤ ዕድሜዋን እንዲያረዝምላት፣ ለወላጆቿ እንዲያኖራት ለመኑና ዓይናቸውን እንደ ጨፈኑ ዝም አሉ።

ኤዶም በምላሷ የራሷን የላይኛ ቀኝ መንጋጋ ነካች። አባቷ አንገታቸውን ደፍተው የሷን አሜን ይጠብቃሉ። እሷ አላለችም።